ተመልካቹ በ3 ሰከንድ ውስጥ ለምን ይሄዳል?

በዩቲዩብ ረጅም ቪዲዮ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ርዕሱን አንብቦ፣ የሽፋን ምስሉን አይቶ፣ ወዶ የከፈተው ነው። በቲክቶክ፣ በሪልስና በሾርትስ ግን ቪዲዮው ሳይጠራ ይመጣል። ተመልካቹ ስለ ምን እንደሆነ የሚያውቀው መጫወት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ጣቱም ለማለፍ ዝግጁ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች የርዕሱንም የሽፋኑንም ሥራ መሥራት አለባቸው። የሙያው ሰዎች «ሁክ» የሚሉት ይህን መክፈቻ ነው፤ ተግባሩም «ይህ ስለ ምንድን ነው? ለእኔስ ምን አለው?» ለሚሉት ጥያቄዎች ቶሎ መልስ መስጠት ነው።

ሁኩ መሥራት አለመሥራቱን የእይታ ብዛት አይነግረንም። ከመጋቢት 2025 መጨረሻ ጀምሮ ለምሳሌ ሾርትስ ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ እይታ ይቆጥራል፤ ወዲያው ያለፈውም ሰው ከቁጥሩ ውስጥ አለ። እውነቱ ያለው በቆይታ ግራፉ ላይ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሰከንዶቹ ይሄዳሉ፤ ከታች ወደ ላይ ደግሞ በየሰከንዱ ስንቱ በመቶ እያየ እንደሆነ ይታያል። መስመሩ በሁሉም ቪዲዮ ላይ መውረዱ አይቀርም። መታየት ያለበት የት ቦታ፣ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወርድ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የምግብ ቪዲዮ የምትሠራ ሴት ሽሮ እንዳይጓጉል የሚያስተምር የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቀች እንበል። ፊቷ ይታያል፤ «ጤና ይስጥልኝ ውድ ተመልካቾቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ዛሬ ደግሞ…» ትላለች። ድስቱ የሚታየው በ6ኛው ሰከንድ ላይ ነው። ግራፉ በ1ኛው ሰከንድ 90፣ በ3ኛው 50፣ በ6ኛው 42 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው የሚወርደው ወደ 36 ብቻ ነው።

ይህን ግራፍ አይቶ «ትምህርቱ አልተወደደም» ማለት ስህተት ነው። ሽሮውን እስኪያዩ የቆዩት ሰዎች እስከ መጨረሻው ድረስ ተከታትለዋል። ግማሹ ሰው የሄደው ስለ ሽሮ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ ነው። ጨዋው ሰላምታችን በስቱዲዮ ፕሮግራም ቦታ አለው፤ እዚህ ግን የሚቀበለው ሰው ገና አልተቀመጠም።

መስመሩ የተሰበረበት ቦታም ይለያያል። በ1ኛው ሰከንድ ላይ ከወረደ ተመልካቹ ንግግሩን ገና አልሰማም፤ ጥፋቱን በምስሉ ላይ መፈለግ ይሻላል፦ የጨለመ ስክሪን፣ የሚሽከረከር አርማ፣ ወይም በአፑ ቁልፎች የተሸፈነ ጽሑፍ። በ2ኛውና በ3ኛው ላይ ከወረደ ምስሉ አቁሞታል፣ የተባለው ነገር ግን አልያዘውም።

አሁን መክፈቻው ብቻ ይቀየር። የመጀመሪያው ምስል ማንኪያ ላይ የተጓጎለ ሽሮ በቅርበት ይሁን፤ ድምፁም «ሽሮ የሚጓጉለው ዱቄቱ የፈላ ውኃ ላይ በቀጥታ ሲበተን ነው» ይበል። ቀጥሎ ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። በ3ኛው ሰከንድ ላይ የቆየው ሰው ወደ 70 በመቶ ቢያድግ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ስለሆነ ለውጡን ከመክፈቻው ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሙዚቃውም፣ ርዝመቱም፣ መክፈቻውም አብረው ቢቀየሩ ግን የትኛው እንደሠራ አይታወቅም።

ሁክን አጋኖ መሥራትም ችግር አለው። «ይህን ምስጢር ማንም አልነገራችሁም!» ብሎ የሚጀምር ቪዲዮ በ3ኛው ሰከንድ ላይ 80 በመቶ ይዞ፣ ምስጢሩ ተራ ነገር መሆኑ በ8ኛው ሲታወቅ ወደ 35 ሊወርድ ይችላል። መውጫው ሰዓት ተገፋ እንጂ ሰዎቹ አልቀሩም። ከፍ ብሎ ጀምሮ ወዲያው ገደል የሚገባ መስመር የተጋነነ ቃል ምልክት ነው።

ግራፉን ስናነብ ሁለት ነገሮች እንዳያሳስቱን እንጠንቀቅ። አንደኛው የተመልካቹ ቁጥር ነው፤ 40 ሰው ብቻ ባየው ቪዲዮ ላይ 4 ሰዎች ቀድመው ቢወጡ መስመሩ 10 በመቶ ይወርዳል። ሁለተኛው የተመልካቹ ማንነት ነው። ቪዲዮው መጀመሪያ ሴትዮዋን ለሚያውቁ ተከታዮች፣ በኋላ ደግሞ ለማያውቋት ሰዎች ከደረሰ፣ ምንም ሳይቀየር ቆይታው ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለት ቪዲዮዎች የሚነጻጸሩት ተቀራራቢ የእይታ ብዛት ላይ ሲደርሱ ነው።

ግራፉ ሰዎች የት እንደወጡ እንጂ ለምን እንደወጡ አይናገርም። ምክንያቱን ለማግኘት መስመሩ በተሰበረበት ሰከንድ ላይ ቪዲዮውን አቁሞ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀጥሎም የመጀመሪያዎቹን 3 ሰከንዶች ብቻ ስለ ቪዲዮው ምንም ለማያውቅ ሰው አሳይቶ «ስለ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ። መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ካቃተው፣ እንደገና መቀረጽ ያለበት መክፈቻው ነው።