ሁለተኛው የደም ናሙና ምን ይናገራል?

ደረቱን አጥብቆ ይዞ ድንገተኛ ክፍል የደረሰ ሰው በመጀመሪያ ኢሲጂ ይነሳል። የልብ ደም ሥር ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ኢሲጂው በግልጽ ካሳየ ሐኪሞቹ የደም ውጤት አይጠብቁም፤ ደም ሥሩን ወደሚከፍተው ሕክምና በቀጥታ ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ ግን ኢሲጂው ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። ያኔ ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲን በደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ይለካል። ውጤቱ ከወሰኑ በታች ሆኖ ሳለ ሐኪሙ «ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመን እንወስዳለን» ሲል ታማሚውም አስታማሚውም ግራ ይጋባሉ። ደህና ከሆነ ለምን ወደ ቤቱ አይሄድም?

ትሮፖኒን የጡንቻን መኮማተርና መላላት የሚቆጣጠር የፕሮቲን ስብስብ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሴትሱሮ ኤባሺና ባልደረቦቹ ያገኙት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር። ከስብስቡ ውስጥ ትሮፖኒን ቲ እና ትሮፖኒን አይ የተባሉት ሁለቱ በልብ ጡንቻ ላይ ያላቸው ቅርጽ በእጅና በእግር ጡንቻ ላይ ካለው ይለያል። ስለዚህ የልብ ዓይነቱ በደም ውስጥ በዛ ማለት የልብ ጡንቻ ሴሎች ተጎድተዋል ማለት ነው። ጉዳቱን ያመጣው ምን እንደሆነ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም። የደም ሥር መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ የልብ ጡንቻ መቆጣት ወይም ሳንባ ውስጥ የገባ የደም መርጋትም ሊሆን ይችላል።

ምርመራው የሚሠራው በሁለት አንቲቦዲዎች ነው። አንደኛው ትሮፖኒኑን ይዞ ከጥቃቅን ማግኔታዊ ቅንጣቶች ጋር ያያይዘዋል። ሁለተኛው በሌላ ጎኑ ይጣበቃል፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው ብርሃን የሚሰጥ ንጥረ ነገርም ይሸከማል። መሣሪያው ብርሃኑን ይለካል፤ ብርሃኑ በጨመረ ቁጥር ትሮፖኒኑ በዝቷል ማለት ነው። መለኪያው ናኖግራም በሊትር ሲሆን፣ አንድ ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው።

የቀድሞው የትሮፖኒን ቲ ምርመራ ከ10 ናኖግራም በታች ያለውን ጨርሶ አያይም ነበር፤ አስተማማኝ የሚሆነውም ወደ 30 ሲጠጋ ነው። የጤፍ ሚዛን ላይ የወርቅ ቀለበት እንደማስቀመጥ ነበር። ስለዚህ ሃርት አታክ የጀመረው ሰው ቁጥሩ እስኪታይ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ነበረበት። «ከፍተኛ ትብነት ያለው» የሚባለው አዲሱ ዘዴ ሁለት መስፈርቶችን ማሟላት አለበት። በመጀመሪያ፣ ከጤነኛ ሰዎች ቢያንስ በግማሾቹ ደም ውስጥ ያለውን ትሮፖኒን መለካት መቻል አለበት። በተጨማሪም በወሰኑ ላይ የሚያሳየው የመለኪያ መዋዠቅ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ወሰኑ ደግሞ ከመቶ ጤነኛ ሰዎች የዘጠና ዘጠኙ ውጤት የማያልፈው ቁጥር ነው። በሰፊው በሚሠራበት የትሮፖኒን ቲ ምርመራ ይህ ቁጥር 14 ናኖግራም በሊትር ነው።

ዘዴው እንዲህ ሲረቅ ግን ሌላ ችግር መጣ። ቀድሞ «ምንም የለም» ይባሉ የነበሩ ብዙ ሰዎች አሁን ቁጥር አላቸው። ኩላሊቱ የደከመ፣ ልቡ ደም የመርጨት አቅሙ የቀነሰ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ሃርት አታክ ሳይኖርበት ለወራት ከወሰኑ በላይ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

በአንድ ሌሊት ሁለት ታማሚዎች ድንገተኛ ክፍል መጡ እንበል። የመጀመሪያዋ ለዓመታት የኩላሊት ሕመም ያለባቸው የ67 ዓመት እናት ናቸው፤ ደረታቸውን ካመማቸው አራት ሰዓት ሆኗል። ትሮፖኒን ቲያቸው 41 ነው። ሁለተኛው የ45 ዓመት ሹፌር ነው፤ ሕመሙ የጀመረው ከአንድ ሰዓት በፊት ሲሆን ቁጥሩ 9 ነው። በዚህ ብቻ ቢወሰን ኖሮ እናቲቱ ሃርት አታክ አለብዎት ይባላሉ፣ ሹፌሩ ደግሞ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱም ደም ሰጡ። የእናቲቱ 42 ሆነ፤ በሦስተኛው ሰዓት ሲደገም እንደገና 41። የአንድ ናኖግራም ልዩነት ያው ቱቦ ሁለት ጊዜ ቢለካ እንኳ የሚመጣ ነው። ልባቸው ቀስ ያለ የቆየ ጉዳት አለበት፤ ክትትልም ያስፈልጋቸዋል፤ የዛሬ ሌሊቱ ሕመም ግን አዲስ የጡንቻ ሞት አላመጣም። የሹፌሩ ቁጥር 17 ሆነ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስምንት ጨምሯል ማለት ነው፤ በሦስተኛው ሰዓት 60 ደረሰ። ጡንቻው እየተጎዳ ያለው አሁን ነው፤ ለአንጂዮግራም ይገባል።

ይህ የአንድ ሰዓት ስሌት የመጣው በስዊዘርላንዱ የባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከተመራ ጥናት ነው። ውጤቱ በ2012 ታትሞ በ2015 በአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ውስጥ ገባ። ለትሮፖኒን ቲ የመጀመሪያው ቁጥር ከ12 በታች ሆኖ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለውጡ ከ3 ካነሰ ሃርት አታክ የመሆን ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር 52 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ለውጡ 5 ከደረሰ፣ ሃርት አታክ ነው ተብሎ ይያዛል። በሁለቱ መካከል የሚወድቁት፣ እንደ እናቲቱ ያሉት፣ በሦስተኛው ሰዓት እንደገና ይለካሉ።

ለውጡ በመቶኛ ሳይሆን በናኖግራም የሚቆጠረው በምክንያት ነው። ከ5 ወደ 7 መሄድ በመቶኛ 40 ነው፤ በተግባር ግን ከመሣሪያው መዋዠቅ እምብዛም አያልፍም። ቁጥሩ በመቶዎች ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በ200 ላይ የአምስት ናኖግራም ልዩነት ምንም ስለማይናገር ሐኪሞች ከ20 በመቶ በላይ ለውጥ ይፈልጋሉ።

ሰዓቱም መታወቅ አለበት። ትሮፖኒን ከተጎዳው ሴል ወጥቶ ደም ውስጥ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ ሽቅብ ይወጣል፤ ጫፍ ደርሶ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ስለዚህ ሕመሙ በጀመረ በግማሽ ሰዓት የተወሰደ ዝቅተኛ ውጤት ማንንም ነፃ አያወጣም። በተቃራኒው ሁለት ቀን ቆይቶ የመጣ ሰው 800 ከዚያም 790 ቢያሳይ ለውጡ ትንሽ ነው ተብሎ የቆየ ጉዳት ነው አይባልም፤ ጫፉ አልፎ ሊሆን ይችላል። «ሕመሙ በስንት ሰዓት ጀመረዎት?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ቁጥሩን የሚያዛቡ ነገሮችም አሉ። ለፀጉርና ለጥፍር እየተባለ በከፍተኛ መጠን የሚወሰደው ባዮቲን አንዳንድ ምርመራዎች ትሮፖኒኑን ዝቅ አድርገው እንዲያሳዩ ያደርጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ በዚህ ምክንያት በሐሰት ዝቅ ያለ ውጤት የተሰጠው አንድ ታማሚ መሞቱን ጠቅሷል። ባዮቲን የሚወስድ ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት መናገር አለበት።

ሌላው ስህተት ታማሚው ከአንድ ሆስፒታል ወደ ሌላ ሲላክ ይፈጠራል። ትሮፖኒን ቲ እና ትሮፖኒን አይ የተለያዩ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ትሮፖኒን አይም ቢሆን ከአምራች አምራች ቁጥሩ ይለያያል። በአንድ የታወቀ የትሮፖኒን አይ ምርመራ ወሰኑ ለሴቶች 16፣ ለወንዶች 34 ነው። የመጀመሪያው ናሙና በአንዱ፣ ሁለተኛው በሌላው ዘዴ ከተለካ አንዱን ከሌላው መቀነስ ትርጉም የለውም፤ በአዲሱ ቦታ ሁለቱም ናሙናዎች እንደ አዲስ መወሰድ አለባቸው። አንዳንድ ላብራቶሪ ደግሞ ውጤቱን በናኖግራም በሚሊሊትር ይጽፋል፤ 0.014 የሚለው ያው 14 ነው። በመላኪያው ወረቀት ላይ የምርመራው ዓይነት፣ መለኪያው፣ ሕመሙ የጀመረበትና ደሙ የተወሰደበት ሰዓት ከተጻፉ ተቀባዩ ሐኪም ለውጡን ማስላት ይችል እንደሆነ ወይም እንደገና መጀመር እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።