ቁልፉ ሞተሩ ላይ ነበር

ሆሳዕና መናኸሪያ በር ላይ ሞተሬን ያጣሁት ሦስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣች አክስቴን ልቀበል ሄጄ ነበር። ከአውቶብሱ ስትወርድ ሻንጣው ከብዷት ሳያት ሞተሩን አጥፍቼ፣ ቁልፉን እንደተሰካ ትቼ ሮጥኩ። ስመለስ ሞተሩ የለም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ብዙም አልደነገጥኩም። ከሆሳዕና ፎንቆ በየቀኑ ለሥራ የምመላለሰው በሷ ነው፣ የገዛሁበትንም ብድር ገና ከፍዬ አልጨረስኩም። ግን «ፉል ኢንሹራንስ አለኝ» ብዬ ተጽናናሁ። ለፖሊስ አመለከትኩ፤ በማግስቱ ደግሞ ኢንሹራንሱ ቢሮ ሄድኩ። መዘግየት እንደሌለብኝ አውቅ ነበር። የንግድ ሕጋችን አደጋውን ካወቅንበት ጊዜ ጀምሮ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ እንድናሳውቅ ያዛል።

ሠራተኛዋ የፖሊስ ማስረጃውንና ሊብሬውን አየችና «ሁለቱንም ቁልፍ አምጣ» አለችኝ። አንዱን ሰጠኋት።

«ሁለተኛውስ የታለ ወንድሜ?»

«ሞተሩ ላይ ነበር።»

ካሳውን ያስቀረብኝ ይሄ መልስ ነው። ውሉን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አነበብኩት። ባለንብረቱ ሞተሩን ከጉዳትና ከስርቆት ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት፣ ያለ ጥበቃም ጥሎት መሄድ የለበትም ይላል። ሁለቱን ቁልፍ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው፤ አንዱ ከጎደለ የት እንደነበረ ማስረዳት የኛ ፈንታ ይሆናል።

ውል ስንገባ የምንሞላው ፎርም ላይም ሞተሩ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ቦታ ነበር። «አጥር ግቢ ውስጥ» ብዬ ጽፌያለሁ። ቤት ተከራይቼ ስቀይርና ሞተሩ በረንዳ ላይ ማደር ሲጀምር ግን ማሳወቅ እንዳለብኝ አላሰብኩም። ሌባው ማታ ከዚያ ወስዶት ቢሆንም ያው ክርክር ይጠብቀኝ ነበር። ሌላም ነገር አለ፦ ባትሪው ወይም መስታወቱ ብቻ ቢሰረቅ ውሌ አይከፍልም። እነዚህ የሚካሱት ሞተሩ ራሱ አብሮ ሲሰረቅ ነው።

ከወራት በኋላ ያገለገለ ሞተር ገዛሁ። አሁን ለአንድ ደቂቃም ብወርድ መሪውን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ እከታለሁ። መናኸሪያ ስሄድ ጠባቂ ያለበት ቦታ አቁሜ ካርኒ እቀበላለሁ። ካርኒው ሞተሩን የት እንዳቆምኩት የሚመሰክርልኝ ወረቀት ነው።

ውሉን ሳድስ ግን ከስርቆቱ በላይ ያሳሰበኝ ከኋላዬ የሚቀመጠው ሰው ነበር። ፎንቆ ስሄድ ብዙ ጊዜ አንዲት የሥራ ባልደረባዬን አፈናጥጣለሁ። ጠጠር ላይ ተንሸራትተን አጥር ገጭተን ብንወድቅ ምን ይሆናል? ሠራተኛዋን እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት። አንድ በአንድ መለሰችልኝ።

የሞተሩን ጥገና ፉሉ ይሸፍናል፤ ከሱ ላይ እኔ የምችለው ድርሻ ይቀነሳል። የአጥሩን ባለቤት ሶስተኛ ወገን ይክሰዋል። የባልደረባዬ እግር ቢሰበርስ? በኔ ውል ሶስተኛ ወገን የሚለው ከሞተሩ ውጭ ያለን ሰው ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሚካሰው ለተሳፋሪ የሚባል ተጨማሪ ሽፋን ከተገዛ ብቻ ነው፤ ያውም ውሉ ላይ እስከተጻፈው የገንዘብ መጠን ድረስ። የድሮው ውሌ ላይ ይህ መስመር ባዶ ነበር። ስንት ጠዋት ባዶ መስመር ይዤ አፈናጥጫት እንደሄድኩ ሳስበው ላብ አሰመጠኝ።

ሽፋኑን ጨመርኩ። ሁለት ገደብ ግን አለው። አንደኛ፣ የተሸፈነው አንድ መቀመጫ ነው። እንደምናደርገው ሁለት ሰው ደርበን ብንሄድ ኢንሹራንሱ ላለመክፈል ምክንያት ያገኛል። ሁለተኛው ገንዘብ መቀበል ነው። ውሌ ላይ አገልግሎቱ «ለግል» ተብሎ ተጽፏል። ሰው ጭኜ ሒሳብ ከተቀበልኩ ሞተሩ የኪራይ ሥራ ላይ ነበር ሊሉኝ ይችላሉ። ያኔ ጥያቄ ውስጥ የሚገባው የተሳፋሪዋ ካሳ ብቻ ሳይሆን የሞተሩም ጭምር ነው። በሞተር ሰው እያመላለሰ የሚሠራ ልጅ ከመጀመሪያው ለኪራይ ብሎ ማስጻፍ አለበት፤ ክፍያው ከፍ ቢልም።

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው በር ላይ አንዲት እናት «ልጄ፣ ጎፈር ሜዳ አድርሰኝ፣ 50 ብር ልስጥህ» አሉኝ። «እማማ፣ ብሩን ይተዉት» አልኩና ሄልሜት ሰጥቼ አፈናጠጥኳቸው። ደግ ልጅ ነህ ብለው መረቁኝ። የውሉን ጉዳይ አላነሳሁባቸውም።

እናንተም ስልካችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ውላችሁን አውጡና ሁለት ቦታ እዩ፦ «አገልግሎት» የሚለው ጋ ምን ተጽፏል? «ተሳፋሪ» በሚለው ፊት ለፊትስ ቁጥር አለ ወይስ ባዶ ነው?