ሁለት መቶ ዶላር በሦስት መንገድ

በአሜሪካ ምድር እየሠራ ለአገር ቤት ዘመዶቹ ገንዘብ የሚልክ ኢትዮጵያዊ በዛሬው ዘመን ከሦስት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። አንደኛው፣ ከላኪው በጥሬው ተቀብሎ ለተቀባዩ በጥሬው የሚያስከፍለው የሐዋላ ወኪል ነው፤ ሁለተኛው፣ ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ የሚተላለፈው ሐዋላ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ፣ በእጅ ስልክ ታዝዞ እንደ ቴሌብርና እንደ ኤም-ፔሳ ባለው የሞባይል ሒሳብ ላይ የሚገባው ነው። በዕድሜ ረገድ ወኪሉ የሁሉም አንጋፋ ነው፤ ዌስተርን ዩኒየን በቴሌግራፍ ገንዘብ ማስተላለፍ የጀመረው በ1871 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ባንኮች መልእክት የሚለዋወጡበት ስዊፍት የተቋቋመው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቴሌብር ግን ሥራውን የጀመረው ገና በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ነው።

ላኪዎች እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ስንት ያስከፍላሉ?» የሚለው ነው፤ ይህም የአገልግሎቱን ዋጋ ለመጠየቅ ነው። ነገር ግን የሐዋላ እውነተኛ ወጪ በሁለት ስፍራ ይቀመጣል፤ አንደኛው በደረሰኙ ላይ በግልጽ የተጻፈው የአገልግሎት ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው በምንዛሪው ተመን ውስጥ የተሰወረው ልዩነት ነው። ይኸኛው፣ ላኪው ከኪሱ ቆጥሮ የማያወጣው፣ ተቀባዩም ከእጁ ሲጎድል የማያየው ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ይልቁንም ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብርን ተመን ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ፣ ባንኮችና የሐዋላ ድርጅቶች የሚሰጡት ተመን በየዕለቱ የሚለዋወጥና ከአንዱ ወደ አንዱ የሚለያይ በመሆኑ፣ ይህን ልዩነት መመርመር ከቀድሞው ይበልጥ ግዴታ ሆኗል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ሴት፣ ከደሴ ወጣ ባለች ቀበሌ ለሚኖሩት እናቷ 200 ዶላር ልትልክ አስባለች እንበል፤ በዚያን ዕለት እናቲቱ ሒሳብ ያላቸው ባንክ አንዱን ዶላር በ150 ብር ይገዛል ብለን እንነሣ። የሚከተሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው፤ ለዕለቱ ተመን ግን አንባቢ ራሱ ይጠይቅ።

ልጅቱ ጥሬ ገንዘብ ይዛ ወደ ወኪሉ መደብር ብትሄድ፣ 5 ዶላር የአገልግሎት ዋጋ ትከፍላለች፤ በዚህም ላይ የአሜሪካ መንግሥት ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ በሚከፈል የውጭ ሐዋላ ላይ የጣለው የመቶ አንድ ቀረጥ ሲጨመር 2 ዶላር ይሆናል። ወኪሉ አንዱን ዶላር በ147 ብር ቢመነዝርላት፣ እናቲቱ 29,400 ብር ይቀበላሉ፤ ልጅቱ ያወጣችው ግን 207 ዶላር ነው። በስልኳ ብትልክና ከባንክ ሒሳቧ በሚቆርጥ ካርድ ብትከፍል፣ ያ ቀረጥ አይነካትም፤ ድርጅቱም «ክፍያ የለም» ብሎ ያበስራታል። ይሁን እንጂ ተመኑ 146 ብር ከሆነ፣ ለእናቲቱ የሚደርሰው 29,200 ብር ነው፤ ስለዚህ ክፍያ የለበትም የተባለው መንገድ ከ150 ብሩ ተመን አንጻር 800 ብር አስከፍሏል ማለት ነው። በባንክ ብትልክ ደግሞ፣ የራሷ ባንክ 45 ዶላር ይጠይቃታል፤ በመካከል ያለው ባንክ 20 ዶላር ከገንዘቡ ላይ ይቀንሳል፤ የቀረው 180 ዶላር ምንም ባማረ ተመን ቢመነዘር ከ27,000 ብር አይበልጥም፤ ያወጣችውም 245 ዶላር ነው።

እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሚዛን ለመመዘን የሚበጀው ዘዴ ቀላል ነው፤ ተቀባዩ በእጁ የሚያገኘውን ብር፣ ላኪው ከኪሱ ባወጣው ጠቅላላ ዶላር ማካፈል ነው። እንዲህ ሲደረግ በስልክ የተላከው አንድ ዶላር 146 ብር፣ በወኪል የተላከው 142 ብር፣ በባንክ የተላከው ግን 110 ብር ብቻ አስገኝቷል። የዓለም ባንክም በየጊዜው በሚያወጣው የሐዋላ ዋጋ ጥናት፣ 200 ዶላር ለመላክ ከሁሉ የሚወደደው መንገድ ባንክ መሆኑን ደጋግሞ አረጋግጧል።

ባንኩ ለምን እንዲህ እንደሚወደድ ለማወቅ የአሠራሩን ሥርዓት መረዳት ያሻል። በባንክ ሐዋላ ገንዘቡ ራሱ ባሕር አይሻገርም፤ የሚሻገረው መልእክት ነው። የሜሪላንዱ ባንክ ከአዲስ አበባው ባንክ ጋር ቀጥተኛ የሒሳብ ግንኙነት ከሌለው፣ ሁለቱም ሒሳብ የከፈቱበት አንድ ሌላ ትልቅ ባንክ በመካከል ይገባል፤ ይህም ከአንደኛው ሒሳብ ቀንሶ በሁለተኛው ላይ ሲጨምር ለድካሙ ዋጋ ይወስዳል። ላኪው በሚሞላው ቅጽ ላይ OUR፣ SHA እና BEN የሚሉ ምርጫዎች የሚገኙት ስለዚሁ ነው። OUR ሲባል ወጪውን ሁሉ ላኪው ይሸከማል፤ SHA ሲባል ሁለቱ ይካፈሉታል፤ BEN ሲባል ሁሉም ከተቀባዩ ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። «የላክሁት ሳይጎድል ይድረስ» የሚል ሰው OUR የሚለውን መምረጥ ይገባዋል።

ሆኖም ይህ ወጪ በገንዘቡ ልክ የማያድግ ቁርጥ ወጪ በመሆኑ፣ የሚላከው ገንዘብ በበዛ ቁጥር ፍርዱ ይገለበጣል። ያችው ሴት ለቤት መሥሪያ 5,000 ዶላር ብትልክ፣ በዚያው ስሌት ባንኩ ለእያንዳንዱ ዶላር 148 ብር ሲያስገኝላት፣ የስልኩ መንገድ እንደ ቀድሞው 146 ብር ላይ ይቆማል። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ የሚተካከሉት ወደ 2,400 ዶላር ግድም ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ስልኩ፣ ከዚያ በላይ ባንኩ ይሻላል። በተጨማሪም የሞባይል ሒሳብ ሊይዝ የሚችለው ገንዘብ እንደ ሒሳቡ ደረጃ የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ብዙ ገንዘብ በዚያ በኩል ልላክ ቢሉም አይሆንም።

ስለ ፍጥነት የሚነገረውም በጥንቃቄ መሰማት አለበት። በስልክ የተላከ ገንዘብ በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ የሚባለው፣ ላኪው በካርድ ሲከፍልና ማንነቱ አስቀድሞ የተረጋገጠ ሲሆን ነው። ገንዘቡ በቀጥታ ከባንክ ሒሳቡ እንዲሳብ ካዘዘ፣ ያ ሒሳብ እስኪጣራ ድረስ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በብድር ካርድ ከከፈለ ደግሞ፣ የካርዱ ባንክ ነገሩን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥሮ ሌላ ወጪና ወለድ ሊጭንበት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚልክ ሰው የመታወቂያ ምርመራ ስለሚያዘገየው፣ ለቀብር ወይም ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ በአዲስ ሒሳብ ለመላክ መነሣት አይመከርም፤ መመዝገብ በደኅናው ቀን ነው። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው ማራኪ ተመንም በአብዛኛው ለመጀመሪያው ሐዋላ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሁለተኛውን ከመላክ በፊት ስሌቱን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ባንኩ በበኩሉ ከአንድ እስከ አምስት የሥራ ቀን ይወስዳል። በሜሪላንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ የታዘዘ ሐዋላ፣ በአዲስ አበባ ሌሊት ሆኖ ያገኘዋል፤ ቅዳሜ የኢትዮጵያ ባንኮች ቢከፈቱም በመካከል ያለው የአሜሪካ ባንክ ዝግ ስለ ሆነ፣ መልእክቱ እስከ ሰኞ ባለበት ይቆማል፤ ሰኞ ደግሞ በእኛ ዘንድ የበዓል ቀን ቢሆን ሌላ ቀን ይታከላል። የገናና የፋሲካ መዋያ የሚልኩ ሰዎች በዓሉ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው በባንክ ልከው የሚያዝኑት በዚህ ምክንያት ነው።

የወኪሉ ገንዘብ በደቂቃዎች ውስጥ ለክፍያ ዝግጁ መሆኑ እውነት ነው፤ ዝግጁ መሆንና በእጅ መግባት ግን አንድ አይደሉም። እናቲቱ የሚስጥር ቁጥሩንና መታወቂያቸውን ይዘው፣ የመኪና ወጪ አውጥተው፣ ደሴ ድረስ መሄድና ወረፋ መጠበቅ አለባቸው። እዚያም ከሁሉ የሚከፋው እንቅፋት የስም አለመግጠም ነው። ላኪዋ የእናቷንና የአያቷን ስም ብቻ ስታስመዘግብ፣ መታወቂያው ላይ የቅድመ አያት ስም ተጨምሮ ይገኛል፤ ወይም «ጸጋነሽ» የሚለውን ስም አንዱ Tseganesh ብሎ ሲጽፍ ሌላው Seganesh ብሎ ይጽፈዋል፤ የመስኮቱ ሠራተኛም አንድ ፊደል የጎደለውን ለመክፈል ሥልጣን ስለሌለው፣ ሴትዮዋን ባዶ እጃቸውን ይመልሳቸዋል። መድኃኒቱ፣ የመታወቂያውን ፎቶግራፍ አስቀድሞ አስልኮ ስሙን ፊደል በፊደል እንደተጻፈው መገልበጥ ነው። በስልክ ለሚልክም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ የእናቲቱ ሲም ካርድ በወንድ ልጃቸው ስም የወጣ ከሆነ፣ የሞባይል ሒሳቡም የሚታወቀው በእርሱ ስም ስለሚሆን፣ ሐዋላው ሊመለስ ወይም ገንዘቡ በሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል።

ፍጥነት የራሱ ዕዳም አለው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ላኪው ከከፈለ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሐዋላውን ሰርዞ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ የማስመለስ መብት አለው፤ ይህ መብት ግን የሚጸናው ገንዘቡ ገና ያልተከፈለ ወይም በተቀባዩ ሒሳብ ያልገባ ሲሆን ነው። ስለዚህ በአንድ ቁጥር ስሕተት በማይታወቅ ሰው የሞባይል ሒሳብ ላይ በሁለት ደቂቃ የገባ ገንዘብ በመሰረዝ አይመለስም፤ በወኪሉ ዘንድ ግን ተቀባዩ እስኪመጣ የሚጠብቀው ገንዘብ ሊታረም ይችላል። የስልክ ቁጥሩን ከመላክ በፊት ጮክ ብሎ ለተቀባዩ አንብቦ ማረጋገጥ፣ በዚህ መንገድ ሊታለፍ የማይገባው ሥርዓት ነው።

ያው ሕግ ድርጅቱ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት የአገልግሎቱን ዋጋ፣ ቀረጡን፣ ተመኑንና ለተቀባዩ የሚደርሰውን ገንዘብ በጽሑፍ እንዲያሳይ ያስገድደዋል። በድብቅ በሰው እጅ የሚደረገው ምንዛሪ፣ ከሕግ ውጭ ከመሆኑም በላይ፣ ይህ ደረሰኝ የለውም። የተጻፈውና የደረሰው ሳይገጥም ሲቀር፣ ላኪው ገንዘቡ ይደርሳል ከተባለበት ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ ለላከበት ድርጅት ስሕተቱን ማስታወቅ ይችላል፤ ድርጅቱም በ90 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በየትኛውም መንገድ ብትልክ፣ እናትህ የተቀበሉትን ብር በስልክ ጠይቀህ በደረሰኙ ጀርባ ጻፍ፤ ደረሰኙንም እስከ 180ኛው ቀን አትጣለው።