በፎቶ ውድድር ላይ ሦስት ዳኛ፣ አንድ ወረቀት፦ ነጥቡን እንዴት እንስጥ?

የዓለም የስደተኞች ቀን ሰኔ 13 (በፈረንጆቹ ጁን 20) ሲቃረብ በየካምፑ የፎቶ ውድድር የሚያዘጋጁ ወጣቶች አይጠፉም። ፎቶ መሰብሰቡ ብዙ አያስቸግርም፤ ስልክ ያለው ሁሉ ይልካል። ጭቅጭቁ የሚመጣው አሸናፊው ሲነገር ነው። «ዳኞቹ የብሎካቸውን ልጅ ሸለሙ» የሚል ወሬ አንዴ ከተነሳ፣ ዳኞቹ በቅንነት ሠርተው እንኳ ቢሆን ማስረጃ የሚያቀርቡበት ነገር የላቸውም። ማስረጃው የሚዘጋጀው ከውድድሩ በፊት ነው፦ ሁሉም ዳኛ የሚሞላው አንድ ዓይነት ወረቀት።

በወረቀቱ ላይ የፎቶ አንሺው ስም አይጻፍም። ስሙን የሚያውቀው ፎቶዎቹን የሚቀበለው አስተባባሪ ብቻ ነው፤ እሱ ለእያንዳንዱ ፎቶ ቁጥር ይሰጣል፣ ራሱ ግን አይዳኝም። በቴሌግራም የሚላክ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ በሉ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። ዳኞቹም ሁሉ ፎቶዎቹን በአንድ ዓይነት ስክሪን ወይም በአንድ መጠን በታተመ ወረቀት ይዩ። አንዱ በላፕቶፕ ሌላው በተሰነጠቀ ስልክ ካየ ያዩት አንድ ፎቶ አይደለም።

ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት ግን «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚባልበት አንድ ጥያቄ አለ፦ በፎቶው ላይ ፊቱ የሚታየው ሰው ፈቅዷል ወይ? ሕፃን ከሆነ ወላጁ ፈቅዷል? ፎቶው የመመዝገቢያ ካርድም ሆነ ቁጥር ከማሳየት ነፃ ነው? ከሚያሳድደው ሰው ሸሽቶ የመጣ ሰው ፎቶው በአደባባይ ቢለጠፍ ሊጎዳ ይችላል። ይህን «ከ5 ስንት» ብሎ በነጥብ ማስላት ትክክል አይመስለኝም፤ እንደዚያ ከሆነ በጣም ያማረ ፎቶ የጎደለውን ፈቃድ በሌላ ነጥብ ያካክሳል። «አይ» የተባለ ፎቶ ወደ ዳኞቹ አይደርስም፣ አለቀ።

መመዘኛዎቹ ሦስት ቢሆኑ ይበቃሉ፤ ከዚያ ሲበዙ ዳኛው ይደክመዋል፣ ነጥቦቹም መደጋገም ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ታሪኩ ነው፣ ሁለተኛው አቀራረቡ፣ ሦስተኛው ግልጽነቱ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል። ታሪኩ ግን በሁለት ይባዛል፤ ድምሩ ከ20 ይሆናል ማለት ነው። ታሪኩን የምናከብደው ጥሩ ካሜራ ያለው ሰው በካሜራው ብቻ እንዳያሸንፍ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። የአንዱ ዳኛ 3 «ጥሩ ነው» ማለት ሲሆን የሌላው 3 «አልወደድኩትም» ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን ምን ማለት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ለታሪክ፦ መግለጫውን ሳናነብ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ከገባን 5፤ መግለጫውን ካነበብን በኋላ ከገባን 3፤ አንብበንም የትም ቦታ የተነሳ ሊሆን የሚችል ከሆነ 1። ለአቀራረብ፦ ዓይናችን በቀጥታ ዋናው ነገር ላይ ካረፈ 5፤ ሌላ ነገር ዓይናችንን ከሳበው 3፤ ዋናው ነገር የቱ እንደሆነ ካልታወቀ 1። ለግልጽነትም እንዲሁ፦ ዋናው ነገር ጥርት ብሎ ከታየ 5፣ ትንሽ ቢደበዝዝም ከተለየ 3፣ ካልተለየ 1። 2 እና 4 በመሃል ላሉት ናቸው።

ወረቀቱ ተዘጋጀ ብላችሁ ወዲያው አትጀምሩ። ውድድሩ ውስጥ የሌሉ ሦስት ፎቶዎች ይዛችሁ ዳኞቹ ሳይነጋገሩ ነጥብ ይስጡ፣ ከዚያ ወረቀታቸውን ያሳዩ። በአንድ መመዘኛ ላይ አንዱ 5 ሌላው 2 ከሰጠ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ዳኛው ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው። እሱን አስተካክሉ። ዋናው ዳኝነት ሲጀመር ደግሞ ሁሉም ከቁጥር 1 አይነሱ። አንዱ ከመጀመሪያው፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱ ከመጨረሻው ይጀምር፤ ዳኛው ሲደክመው የሚደርሰው ሁልጊዜ ያው ፎቶ እንዳይሆን ነው።

አሁን ብዙዎች ወደማያስተውሉት ቦታ ደረስን፣ ወደ መደመሩ። ሦስት ዳኞች አሉ እንበል፦ አንዲት መምህርት፣ አንድ የወጣቶች ተወካይ፣ አንድ ፎቶ ቤት የነበረው ባለሙያ። ለመጨረሻ ዙር የደረሱት ፎቶዎች 4፣ 7፣ 11 እና 15 ናቸው። ነጥባቸው በዚሁ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦

ፎቶ 4፦ 18፣ 16፣ 9። ድምር 43
ፎቶ 7፦ 16፣ 14፣ 19። ድምር 49
ፎቶ 11፦ 17፣ 15፣ 12። ድምር 44
ፎቶ 15፦ 15፣ 13፣ 14። ድምር 42

በድምር ከሄድን 7 አሸነፈ፣ 4 ሦስተኛ ወጣ። ግን እስቲ እንደገና እዩት። መምህርቷም ተወካዩም አንደኛ ያሉት ፎቶ 4ን ነው። እነሱ ከትልቁ እስከ ትንሹ የሰጡት ልዩነት 3 ነጥብ ብቻ ነው፤ የባለሙያው ግን ከ9 እስከ 19፣ 10 ነጥብ ነው። ማንም ሳያጭበረብር፣ ነጥቡን ሰፋ አድርጎ የሚሰጠው ሰው የሁለቱን ድምፅ ዋጠው። ዳኛው ጥብቅ ወይም ቸር መሆኑ ለሁሉም ፎቶ እኩል እስከሆነ ድረስ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ይሄ የስፋት ልዩነት ነው።

መፍትሔው የእያንዳንዱን ዳኛ ነጥብ ወደ ደረጃ መቀየር ነው። ከፍተኛውን የሰጠው ፎቶ 1፣ ቀጣዩ 2 እያለ ይሄዳል፤ ከዚያ ደረጃዎቹ ይደመራሉ፣ ትንሹ ድምር ያሸንፋል።

ፎቶ 4፦ 1፣ 1፣ 4። ድምር 6
ፎቶ 7፦ 3፣ 3፣ 1። ድምር 7
ፎቶ 11፦ 2፣ 2፣ 3። ድምር 7
ፎቶ 15፦ 4፣ 4፣ 2። ድምር 10

አሸናፊው 4 ሆነ። 7 እና 11 እኩል ስለሆኑ ሁለተኛውን በምን እንደምትለዩ አስቀድማችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ በታሪክ የበለጠ ነጥብ ያገኘው ቢባል ይበቃል። አንድ ዳኛ ለሁለት ፎቶ እኩል ነጥብ ከሰጠና ሁለተኛና ሦስተኛ ቦታ ከያዙ፣ ለሁለቱም 2.5 ይጻፍ። ኮምፒዩተር ያላቸው ነጥቦቹን ከB2 እስከ B5 ቢያስገቡ ይህ ቀመር ራሱ ያወጣዋል፦

```
=RANK.AVG(B2,B$2:B$5)
```

ደረጃም ጉድለት አለው፤ ባለሙያው 7ን ምን ያህል አስበልጦ እንደወደደው ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ደረጃ ከመቀየራችሁ በፊት በዳኞች መካከል ከ5 ነጥብ በላይ የተለያየ ፎቶ ካለ ተነጋገሩበት። እዚህ ላይ ፎቶ 4 አንዱ 18፣ አንዱ 9 ሰጥቶታል። ባለሙያው ምናልባት ሌሎቹ ያላዩትን ነገር አይቶ ይሆናል፤ ለምሳሌ ፎቶው ከኢንተርኔት የተወሰደ መስሎት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ይናገር። ከዚያ ሐሳቡን የቀየረ ዳኛ የድሮውን ቁጥር ሳይደልዝ በአንድ መስመር ሰርዞ አዲሱን ይጽፋል፣ ይፈርምበታል። ያልፈለገ አይገደድም።

በካምፕ ኑሮ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል። ስም ቢደበቅም የእህቱን ልጅ ፎቶ የሚያውቅ ዳኛ አይጠፋም። እንዲህ ሲሆን ለዚያ ፎቶ ዜሮ አይጻፍም፣ ዜሮ ቅጣት ነው። የዘመዱን ብቻ ባዶ ቢተወውም ደረጃው ይዛባል። የሚሻለው ከመጀመሪያው አራተኛ፣ ተጠባባቂ ዳኛ መያዝ ነው። እሱም እንደሌሎቹ ሁሉንም ይሞላል፤ ወረቀቱ ግን የሚቆጠረው ዘመድ ያገኘው ዳኛ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ብቻ ነው።

ውጤቱ ሲለጠፍ የፎቶው ቁጥርና «ዳኛ ሀ፣ ለ፣ ሐ» የሰጡት ደረጃ ይውጣ፣ የዳኞቹ ስም ከየትኛው ፊደል ጋር እንደሚሄድ አይውጣ። ሽልማቱም በዚያው ቀን አይሰጥ። ሦስት ቀን ይቆይና ቅሬታ ያለው ሰው አስተባባሪው ጋ መጥቶ የራሱን ፎቶ ነጥብ በየመመዘኛው ይይ።