ሮው ወይስ ጄፔግ? የሠርግ ቀን ሒሳብ

የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራን በቀትር ፀሐይ ማንሣት ካሜራን ከሚያስቸግሩ ሥራዎች አንዱ ነው። ነጠላው ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል፤ ፊቷ ከነጠላው አንጻር ጠቆር ይላል። ፎቶ አንሺው ለፊቷ ብሎ ብርሃን ከጨመረ የነጠላው ሽመና ይጠፋል፤ ለነጠላው ብሎ ከቀነሰ ፊቷ ይጨልማል። በካሜራው ሜኑ ላይ RAW እና JPEG የሚሉት ሁለት ምርጫዎች ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ የሚታየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ሴንሰሩ ላይ ያረፈው ብርሃን ተለክቶ በቁጥር ይመዘገባል። ጄፔግ ከተመረጠ ካሜራው ሥራውን እዚያው ይጨርሳል፤ ቀለሙን ይወስናል፣ ጥቁርና ነጩን ያጎላል፣ ጠርዙን ያጠራል፣ ከዚያም ዓይን አይለየውም ብሎ የገመተውን ዝርዝር ጥሎ ፋይሉን ያሳንሳል። የተጣለው አይመለስም። ሮው ከተመረጠ ግን ቁጥሮቹ እንደተለኩ ይቀመጡና ውሳኔው ሁሉ ለኮምፒውተሩ ይተዋል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም ከጨለማ እስከ ብርሃን 256 ደረጃዎች አሉት፤ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384።

ወደ ሙሽራዋ እንመለስ። ፎቶው በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም ከሚገባው በእጥፍ ብርሃን ተነሣ እንበል። በጄፔጉ ላይ የነጠላው ትከሻ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፤ ሁሉም ነጥብ 255 ላይ ቆሟል። በኤዲቲንግ ፕሮግራም ብርሃኑን ዝቅ ስናደርገው ነጩ ወደ ግራጫ ይለወጣል እንጂ ክሩ አይመጣም፤ ግድግዳ የተቀባ ይመስላል። በሮው ላይ ግን ይኸው እርምጃ ብዙ ጊዜ ሽመናውን ያወጣዋል። ካሜራው ጄፔጉን ሲሠራ ነጭ ብሎ የዘጋው ቦታ፣ ሴንሰሩ ላይ ገና ጥቂት ቦታ ቀርቶት ነበርና ነው። ይህ ትርፍ በካሜራውና በብርሃኑ ቢለያይም አንድ ስቶፕ ገደማ ብሎ ማሰብ አያሳስትም። ሴንሰሩ ራሱ ከሞላ ሮውም ግራጫ ግድግዳ ነው የሚሰጠን። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በካሜራው ጀርባ የምናየው ፎቶ፣ ሂስቶግራሙና ብልጭ ድርግም የሚለው ማስጠንቀቂያ የሚሰሉት ሮው ስናነሣም ከጄፔግ ቅጂው ነው። ስለዚህ የነጠላው ጫፍ ትንሽ ቢያብረቀርቅ ለሮው አያሰጋም፤ ቀሚሱ በሙሉ ካብረቀረቀ ግን ወዲያው ብርሃን መቀነስ ነው።

ማታ አዳራሽ ውስጥ ችግሩ ቀለም ይሆናል። ዋይት ባላንሱ ቀን ፀሐይ ላይ እንደተተወ ከቀረ በቢጫ አምፖል ሥር ያለው ሰው ሁሉ ብርቱካን መስሎ ይወጣል። በሮው ይህን ማረም ቀላል ነው፤ ዋይት ባላንስ ሮው ላይ ገና ያልተፈጸመ ማስታወሻ እንጂ ፎቶው ውስጥ የገባ ቀለም አይደለም። በጄፔግ ግን ብርቱካኑን ሲያነሡት ፊት አመድ የነፋበት ይመስላል፤ ሰማያዊው ቀለም ሲመዘገብ ጀምሮ ጥቂት ስለነበር የሚጎተት ነገር የለም። ይሁንና ሮው ያድነናል ብለው የዲጄውን ሐምራዊ መብራት የሚንቁ ባለሙያዎች አሉ፤ አልስማማም። መብራቱ ውስጥ ያልነበረ ቀለም ሴንሰሩ ላይ አይደርስም፤ ሮውም ያልተለካ ነገር መፍጠር አይችልም። የትኩረት መሳትና የእጅ መንቀጥቀጥም እንዲሁ ናቸው።

ይህ ሁሉ ነፃነት ዋጋ አለው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራን ብንወስድ፣ አንድ ሮው 28 ሜጋባይት ገደማ፣ በከፍተኛ ጥራት የተቀመጠ ጄፔግ 10 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ እንግዲህ ወደ 2,280 ሮው ወይም 6,400 ጄፔግ ይይዛል። ጠዋት ከሙሽራዋ ቤት እስከ ማታ ጭፈራው 2,000 ፎቶ ቢነሣ ሮው 56 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ካርዱን ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ጄፔግ ቢሆን 20 ጊጋባይት ነበር። ደንበኛ አልበሙን እስኪረከብ ሁለት ቅጂ መያዝ ግድ ስለሆነ፣ ለአንድ ሠርግ 112 ጊጋባይት በሃርድ ዲስክ ላይ መመደብ አለበት። ባለ አንድ ቴራባይት ሁለት ዲስኮች፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ፣ አሥራ ሰባት ሠርግ ይዘው ይሞላሉ።

ከቦታው ይልቅ በሥራ መሐል የሚያጋጥመው ፍጥነቱ ነው። ካሜራው ፎቶዎቹን ወደ ካርዱ ከመጻፉ በፊት በውስጡ ባለ ጊዜያዊ ማኅደር ያቆያቸዋል። ካርዱ ላይ V30 ተብሎ ከተጻፈ ቢያንስ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ለመጻፍ ዋስትና የተሰጠበት ነው፤ በሰከንድ አንድ ሮው ወይም ሦስት ጄፔግ ማለት ነው። ኬኩ ሲቆረስ ጣቱን ከመጫኛው ያላነሣ ሰው ማኅደሩ ይሞላና ካሜራው እምቢ ይለዋል። ዝምታው የመጣው ከብልሽት እንዳልሆነ የሚታወቀው የካርዱ ትንሽ መብራት ሳትቋረጥ ስትበራ ነው። ያን ጊዜ ባትሪውን ወይም ካርዱን መንቀል ፎቶ ማጥፋት ነው።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስቀመጥም ይቻላል፤ በካሜራው ላይ RAW+JPEG ይባላል። ሙሽራው በዚያው ማታ ጥቂት ፎቶ በቴሌግራም ላኩልኝ ሲል ይጠቅማል። ነገር ግን እያንዳንዱ ምት 38 ሜጋባይት ይሆንና ያው ካርድ ከ1,700 ፎቶ በታች ይወርዳል፤ ማኅደሩም ቶሎ ይሞላል። ለጥቂት ፎቶ ሲባል የቀኑን ሥራ ሁሉ ማብዛት አይታየኝም። ብዙ ካሜራዎች ሮውን እዚያው ወደ ጄፔግ መለወጥ ስለሚችሉ የተፈለጉትን አሥር ፎቶዎች ብቻ መለወጥ ይበቃል። ባለ ሁለት ካርድ ካሜራ ያለው፣ ሮውን በአንዱ፣ ጄፔጉን በሌላው ቢያስቀምጥ ግን ምክንያታዊ ነው፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል።

ጄፔግ የጀማሪ ነው የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሮይተርስ በ2015 ከነፃ ፎቶ አንሺዎቹ የሚቀበለው ካሜራው ውስጥ ጄፔግ ሆነው የተቀመጡትን ብቻ እንደሆነ፣ ከሮው ተሠርተው የሚላኩትን እንደማይፈልግ አሳውቋል፤ ፍጥነትንና ፎቶው ከመጠን በላይ አለመነካካቱን አስቦ ነው። በስቱዲዮ የሚነሣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶም ሮው አያስፈልገውም፤ መብራቱ ትናንትም ዛሬም አንድ ነው፣ ደንበኛውም ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ይኸው መለኪያ ሠርጉ ውስጥም ይሠራል። ካርዱ ከምሽቱ በፊት የሚያልቅ ከመሰለ ጄፔግ የሚገባው ቦታ የቤተ ዘመዱ ተራ ነው፤ ሰው ቆሞ ይነሣል፣ ፍላሹ አንድ ቦታ ተተክሏል፣ ብርሃኑ ከአክስት ወደ አጎት አይለወጥም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምቶች አጉልቶ አይቶ፣ ነጠላው ክር እንዳለው፣ የሙሽራው ጥቁር ኮትም ስፌቱ እንደሚታይ ካረጋገጡ በኋላ ሦስት መቶ ፎቶ በ3 ጊጋባይት ያልፋል፤ በሮው ከ8 በላይ ይሆን ነበር። የፊት ለፊቱ ሰልፍ ሲያልቅና ሙሽሮቹ ወደ ጭፈራው ሲነሡ፣ ከመጀመሪያው ምት በፊት የስክሪኑ ጥግ ላይ RAW መመለሱን ማየት ነው።