«ማሳሰቢያ» እና «ማስጠንቀቂያ»

ስልሳ ሁለት ሠራተኞች ያሉት አንድ ድርጅት አለ እንበል። ደመወዝ የምትሠራው የሒሳብ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓቱን እንዲያረጋግጥላት የኤክሴል ፋይሉን ለአንድ የሥራ ክፍል ኃላፊ ትልካለች። እሱ ማየት የሚያስፈልገው የራሱን ስምንት ሠራተኞች ሰዓት ብቻ ነው። በፋይሉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ግን የሁሉም ሠራተኛ ደመወዝ፣ አበልና የብድር ተቀናሽ ተዘርዝሯል። ኃላፊው ሁሉንም አትሞ አንዱን ወረቀት ማተሚያው ላይ ይረሳዋል። ያየው ሰው በስልኩ ያነሳዋል፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፎቶው በሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይዞራል።

ሥራ አስኪያጁ ንዴታቸው ሳይበርድ ይጽፋሉ፦ «አንዳንድ ሠራተኞች የድርጅቱን ምስጢር አሳልፈው እየሰጡ መሆናቸውን ደርሰንበታል። ከድርጊታቸው እንዲቆጠቡ በጥብቅ እናስጠነቅቃለን።»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያላነበበ የቢሮ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ጉዳቱ ያለው ቃላቱ ላይ ነው። «አንዳንድ ሠራተኞች» ሲባል ሁሉም ጎረቤቱን በጎን ማየት ይጀምራል። «አሳልፎ መስጠት» ስህተቱን ክህደት ያደርገዋል። «ደርሰንበታል» ደግሞ ምርመራው ገና ሳይጀመር ያለቀ ያስመስላል። ከሁሉ የሚከብደው «እናስጠነቅቃለን» ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ማስጠንቀቂያ የዲሲፕሊን እርምጃ ነው፤ ጥፋት ለተገኘበት ሰው በስሙ ተጽፎ ከግል ማኅደሩ ጋር ይያያዛል። ጥፋቱ ላልተጣራበት ሰው የሚጻፈው ማሳሰቢያ ነው።

ያው ጉዳይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የደመወዝ መረጃ አያያዝን ስለማሳሰብ። የሠራተኞችን ደመወዝ የያዘ ሰነድ ሊያዩት ከሚገባቸው ሰዎች ውጭ መድረሱን ዛሬ ጠዋት ተረድተናል። መረጃውን የመጠበቅ ኃላፊነት የድርጅቱ በመሆኑ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሰነዱ ወይም ፎቶው የደረሳችሁ ሁሉ ለማንም እንዳታስተላልፉና እስከ ነገ ቀትር ድረስ ከስልካችሁ እንድታጠፉት እናሳስባለን። ከዚህ ማሳሰቢያ በኋላ ሰነዱን ማሰራጨት በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ያስጠይቃል።»

ይህ ደብዳቤ የላላ አይደለም። ጥብቅነቱ ያረፈው ትናንት በሆነው ላይ ሳይሆን ከነገ ጀምሮ በሚደረገው ላይ ስለሆነ ማንንም አይከስም። የሾለከውን ቁጥርም ሆነ የማንንም ስም አይደግምም፤ ቢደግም ኖሮ ወሬው ያልደረሰውም ሰው ይሰማ ነበር። «ማን ላከላችሁ?» ብሎም አይጠይቅም። ይህ ጥያቄ የምርመራው ነው፤ ለሁሉም በተለጠፈ ወረቀት ላይ ሲቀርብ የሚመልሰው የለም።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ደብዳቤውም የማይችለውን ቃል መግባት የለበትም። የቴሌግራም ግሩፑ አስተዳዳሪ ፎቶውን ከግሩፑ ሊያጠፋው ይችላል፤ አንዱ አስቀድሞ በስልኩ ያስቀረውን ቅጂ ግን አያገኘውም። ስለዚህ «ጉዳዩ ተዘግቷል» ከማለት ይልቅ የሚለወጠውን አሠራር መናገር ይሻላል፦ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ኃላፊ የሚደርሰው የራሱ ክፍል የሰዓት ዝርዝር ብቻ ነው፣ ሙሉው ፋይል በይለፍ ቃል ይቆለፋል።

አንድ ድንበርም በግልጽ መሰመር አለበት። በሥራዋ ምክንያት የሌላውን ደመወዝ የምታውቅ ሠራተኛ አደራ ተቀብላለች፤ ያን አደራ መጠበቅ ግዴታዋ ነው። የራሱን ደመወዝ ለሚስቱ ወይም ለጓደኛው የሚናገር ሰው ግን የማንንም አደራ አልበላም። ሁለቱን በአንድ «ምስጢር» ቃል የሚጠቀልል ደብዳቤ፣ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያለ ባልደረባው የበለጠ እንደሚከፈለው ፎቶው ላይ ያየውን ሰው ዝም በል ያለው ይመስላል። ያ ሰው ጥያቄ አለው። «ስለ ደመወዛችሁ ጥያቄ ያላችሁ የሰው ሀብት ክፍሉን በግል አነጋግሩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጥያቄውን ከኮሪደር ወደ ቢሮ ይወስደዋል።

ከደብዳቤው ጎን የሚሄድ የሕግ ጉዳይም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የያዘን ድርጅት ተጠያቂ ያደርጋል፤ የተቆጣጣሪነቱ ሥልጣንም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ደብዳቤው በሚረቀቅበት ቀን የሕግ ባለሙያም መጠራት አለበት።

ደብዳቤውን ከሁሉ አጥብቃ የምታነበው ያቺ ፋይሉን የላከችው የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የመጀመሪያውን ብታነብ የላከችውን ኢሜይል አጥፍታ ዝም ትላለች። ሁለተኛውን ካነበበች ግን በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብታ፣ ያንኑ ፋይል ባለፈው ወር ለሌሎች ሁለት ኃላፊዎችም ልካ እንደነበር ትናገራለች። ድርጅቱም ቀሪዎቹ ሁለት ቅጂዎች የት እንዳሉ የሚያውቀው ያኔ ነው።