እርምጃው እየጎደለ የሚሄድ ምሳሌ፦ መስመራዊ እኩልታን የማስተማሪያ አንድ መንገድ

ተሠርቶ የቀረበ ምሳሌ ጥያቄው፣ ወደ መልሱ የሚያደርሱት እርምጃዎችና መልሱ ራሱ አብረው የተጻፉበት ነው። ተማሪው ያጠናዋል እንጂ አይሠራውም። እርምጃው እየጎደለ የሚሄድ ምሳሌ የዚሁ ተከታይ ነው። በሁለተኛው ምሳሌ አንድ እርምጃ ክፍት ይተውና ተማሪው ይሞላዋል፤ በሦስተኛው ሁለት፣ በአራተኛው ሦስት ይጎድላሉ። በመጨረሻ ከጥያቄው በቀር ገጹ ላይ ምንም አይቀርም። በአልጀብራ ውስጥ መስመራዊ እኩልታ፣ ማለትም ያልታወቀው ቁጥር x ካሬም ሆነ ሌላ ከፍ ያለ ኃይል ሳይኖረው የሚገኝበት እኩልታ፣ ለዚህ ዘዴ በደንብ ይመቻል። እርምጃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ የእያንዳንዱም ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል።

በብዙ ክፍሎች የተለመደው አካሄድ ከዚህ ይለያል። መምህሩ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ሠሌዳ ላይ ሠርቶ ያሳያል፣ ከዚያ ተማሪው ብዙ ጥያቄ ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል። በጎርጎሮሳውያኑ 1985 ዓ.ም. በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ጆን ስዌለርና ግራሃም ኩፐር ይህን አካሄድ በአልጀብራ ላይ ፈትነውታል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን ጥያቄዎቹን ሁሉ ራሱ ሠራ። ሌላው አንድ የተሠራ ምሳሌ እያጠና፣ ቀጥሎ ተመሳሳዩን አንድ ጥያቄ እየሠራ ሄደ። ምሳሌ ያጠኑት ልምምዱን ቶሎ ጨረሱ፤ በፈተናውም ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በፍጥነትና በአነስተኛ ስህተት ሠሩ። መልካቸው ለተቀየረ ጥያቄዎች ግን ይህ ብልጫ አልታየም።

ምክንያቱ አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር ጥቂት መሆኑ ነው። ለእኩልታ አዲስ የሆነ ተማሪ ጥያቄ ሲሰጠው የሚፈለገውን መልስ፣ አሁን ያለበትን መስመር፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀትና ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን ነገሮች ሁሉ አንድ ላይ መያዝ አለበት። መልሱን ቢያገኝ እንኳ አእምሮው ፍለጋው ላይ ስለዋለ በምን መንገድ እንደደረሰ ብዙውን ጊዜ አያስታውስም። ምሳሌው ፍለጋውን ያስቀርለታል። የሚቀረው ሥራ እያንዳንዱ መስመር ከበላዩ ካለው እንዴት እንደመጣ መረዳት ነው።

ከተሠራ ምሳሌ በቀጥታ ወደ ባዶ ጥያቄ መዝለል ግን ለብዙ ተማሪ ሩቅ ነው። አሌክሳንደር ሬንክል፣ ሮበርት አትኪንሰንና ባልደረቦቻቸው በ2002 ያሳተሙት ጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት የተደረገ ነበር። እርምጃዎቹን አንድ በአንድ እያጎደሉ መሄድ፣ ምሳሌና ጥያቄ በጥንድ ከመስጠት ይልቅ ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ለመሥራት እንደሚረዳ አሳዩ።

ዘዴው በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ምሳሌ ሙሉ ነው፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ይጻፋል።

3(x − 2) + 4 = x + 10
3x − 6 + 4 = x + 10 (ቅንፉ ተፈታ፤ 3 ሁለቱንም ያባዛል)
3x − 2 = x + 10 (−6 እና 4 ተደመሩ)
2x − 2 = 10 (ከሁለቱም ጎን x ተቀነሰ)
2x = 12 (በሁለቱም ጎን 2 ተደመረ)
x = 6 (ሁለቱም ጎን ለ2 ተካፈለ)

ከዚህ በታች ማረጋገጫው ይመጣል። በ x ቦታ 6 ሲገባ ግራው 3 × 4 + 4 = 16፣ ቀኙም 6 + 10 = 16 ይሆናል። ምክንያቱ በሌላ ገጽ ወይም ከግርጌ ቢጻፍ የተማሪው ዓይን ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ ምሳሌው ያቀለለትን ሸክም መልሶ ይጭንበታል።

የምክንያቶቹ አነጋገር ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ቁጥሩ የእኩልነት ምልክቱን ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» የሚለው አባባል አጭርና ቀላል ቢመስልም ጉዳት አለው። ይህን የያዘ ተማሪ 2x = 12 ላይ ሲደርስ 2ን አሻግሮ x = 12 − 2 ይላል፣ 10ም ያገኛል። «ከሁለቱም ጎን» የሚለው አባባል ይረዝማል እንጂ ተማሪውን ወደዚህ ስህተት አይመራውም፤ 2 ከ x ጋር የተባዛ ስለሆነ ለመለየት ሁለቱንም ጎን ማካፈል እንደሚያስፈልግ ያሳየዋልና።

ሁለተኛው ምሳሌ 5(x − 1) + 2 = 2x + 9 ነው። መስመሮቹ እስከ 3x = 12 ድረስ ተጽፈዋል፤ የመጨረሻው ብቻ ክፍት ነው። ተማሪው x = 4 ብሎ ይሞላል፣ ለምን እንዳካፈለም በአጭሩ ይጽፋል። በሦስተኛው፣ 4(x + 3) − 5 = x + 22፣ የተጻፈው እስከ 3x + 7 = 22 ድረስ ነው። 7ን መቀነስና ለ3 ማካፈል የተማሪው ፋንታ ይሆናል፤ መልሱ 5 ነው። በአራተኛው፣ 6(x − 2) + 5 = 2x + 21፣ ገጹ 6x − 7 = 2x + 21 ላይ ያቆማል፤ ተማሪው ሦስቱን እርምጃ ራሱ ሄዶ 7 ላይ ይደርሳል። እንዲህ እየተባለ የቅንፉም መፍታት ለእርሱ ይተዋል።

ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ላይ ማጉደል ለእኩልታ ተስማሚ የሚሆንበት ምክንያት አለው። የመጨረሻው እርምጃ፣ ማካፈሉ፣ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ተማሪው እርሱን ሲሠራ ከላይ ያሉትን መስመሮች ተሠርተው በድጋሚ ያያቸዋል፤ ስህተት የሚበዛበት የቅንፍ ሥራ በራሱ እጅ የሚገባው ደጋግሞ ካየው በኋላ ነው። ከላይ ቢጀመር ግን ገና በመጀመሪያው ክፍት ቦታ ላይ ሊሳሳት፣ ቀጥሎ የተጻፉትም መስመሮች ከእርሱ ሥራ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። ያም ሆኖ ሬንክልና ባልደረቦቹ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደዘገቡት፣ ተማሪዎች በተለይ የሚማሩት ስለ ጎደለው እርምጃ ነው። ስለዚህ የትኛው እርምጃ ክፍት ይሁን የሚለው ከቅደም ተከተሉ የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል። ክፍሉ የሚሳሳተው በቅንፍ ላይ ከሆነ፣ ማካፈልን ብቻ ክፍት የሚተው ወረቀት ቅንፍን አያስተምርም።

የምክንያቱም ጽሑፍ መቅረት የለበትም። ባዶ ቦታ መሙላት ብቻውን ቁጥር ከቁጥር ወደ ማገጣጠም ሊወርድ ይችላል፤ ተማሪው ከላይኛው ምሳሌ ቅርጹን አይቶ ይሞላና ትክክል ሊወጣለት ይችላል። «ለምን?» የምትል አንዲት መስመር ይህን ታጋልጣለች። በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ተማሪው ይህችን መስመር በሚናገረው ቋንቋ እንዲጽፍ መፍቀድ ይበጃል። የሚፈለገው ምክንያቱን ማወቁ ነውና።

ለምሳሌዎቹ የሚመረጡት ቁጥሮችም እንደ ዋዛ የሚታዩ አይደሉም። ለሚቀጥለው ደረጃ፣ ከቅንፍ በፊት የመቀነስ ምልክት ላለበት እኩልታ፣ መምህሩ 8 − 2(x − 3) = x + 2 የሚለውን መረጠ እንበል። ትክክለኛው አሠራር ቅንፉን ወደ 8 − 2x + 6 ይፈታል፤ መልሱ x = 4 ነው። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ላይ የተለመደ አንድ ስህተት ከ8 ላይ 2ን ቀድሞ ቀንሶ 6(x − 3) ማለት ነው። ታዲያ 6x − 18 = x + 2 ይሆንና 5x = 20፣ x = 4 ይወጣል። የተሳሳተው ተማሪ ትክክለኛውን መልስ አገኘ፤ ማረጋገጫውም ይስማማለታል። መምህሩ መልሱን ብቻ ካየ ስህተቱ ሳይታረም ያልፋል።

በቀኙ ጎን 2 በ5 ቢተካ ይህ አይሆንም። 8 − 2(x − 3) = x + 5 ትክክለኛ መልሱ 3 ነው፤ ግራው 8 − 0፣ ቀኙ 3 + 5፣ ሁለቱም 8 ናቸው። 2ን ቀድሞ የቀነሰ ተማሪ 5x = 23 ላይ ይደርሳል፣ መልሱም ሙሉ ቁጥር አይሆንለትም። ሌላው የተለመደ ስህተት −2ን ከ −3 ጋር ሲያባዙ ምልክቱን ረስቶ 8 − 2x − 6 መጻፍ ነው፤ ይህን የሠራ x = −1 ያገኛል። ሲያረጋግጥ ግራው 16፣ ቀኙ 4 ይሆንበታል። እያንዳንዱ ስህተት የራሱን መልስ ስለሚሰጥ፣ መምህሩ ደብተሩን ሲያይ የተማሪው ችግር የት እንደሆነ ከመልሱ ብቻ ያውቃል። ወረቀቱን የሚያዘጋጅ ሰው እያንዳንዱን ጥያቄ በትክክል ብቻ ሳይሆን በሚጠበቁት ስህተቶችም ጭምር አስቀድሞ ሊሠራው የሚገባው ለዚህ ነው።

ማጉደሉ ምን ያህል ይፍጠን የሚለው በተማሪው ሥራ ይወሰናል። ክፍቱን እርምጃ ከነምክንያቱ በትክክል የሞላ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የተሳሳተ ደግሞ በሌላ ቁጥር የተሠራ፣ ያው እርምጃ የሚታይበት ሙሉ ምሳሌ ይሰጠዋል። ተማሪው ብዙ በሆነበት ክፍል ስላቫ ካሉጋና ስዌለር የተጠቀሙበት አጭር መንገድ አለ፦ እኩልታ ሰጥቶ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የመጀመሪያውን እርምጃ ብቻ እንዲጽፉ መጠየቅ። ጀማሪው ቅንፉን መፍታት ይጀምራል ወይም ባዶውን ይተወዋል፤ የለመደው ሁለትና ሦስት መስመር ዘልሎ ይጽፋል።

እንዲህ ለሚዘልል ተማሪ ምሳሌ መስጠት መቀጠል ጉዳት አለው። ካሉጋና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ጀማሪውን የሚረዳው ዝርዝር ማብራሪያ ለለመደው ትርፍ ንባብ ይሆንበታል፤ ራሱ ቢሠራ ኖሮ ከሚማረው ያነሰ ይማራል። ስለዚህ በአንድ ክፍል ውስጥ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ማደል ከተማሪዎቹ የተወሰኑትን ወደ ኋላ ይይዛል።

ዘዴው የማያስተምረውም አለ። አንድ ቅደም ተከተል ብቻ ያየ ተማሪ 4(x + 1) = 20 ሲሰጠው ቅንፉን ከመፍታት ይጀምራል፤ ሁለቱን ጎን ለ4 አካፍሎ በአንድ መስመር x + 1 = 5 ላይ መድረስ ይችል ነበር። ለዚህ አንዱን ጥያቄ በሁለት መንገድ ሠርቶ ጎን ለጎን ማሳየት ያስፈልጋል። በቃላት የተነገረን ጉዳይ ወደ እኩልታ መለወጥ ደግሞ ከእነዚህ አምስት እርምጃዎች በፊት የሚመጣ ሌላ ሥራ በመሆኑ፣ የራሱ ምሳሌዎችና የራሱ ክፍት ቦታዎች ሊዘጋጁለት ይገባል።